የጨርቅ ተራን ትቶ በየበሩ መቆም፦ ስለ ሃሽታግ ለተሰራጨው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«ሃሽታግ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ስለዚህ የተፈቀደውን 30 ሁሉ ሙሉት፤ እያንዳንዱ ሃሽታግ አንድ በር ነው። ብዙ ሕዝብ ያለበትን ትልቁን ምረጡ። በአማርኛ አትጻፉ፤ በአማርኛ የሚፈልግ የለም። ጽሑፋችሁ እንዳይቆሽሽ ሃሽታጎቹን በመጀመሪያው ኮሜንት ውስጥ ደብቁ። አንድ ጊዜ ያዘጋጃችሁትን ዝርዝር በስልካችሁ አስቀምጡና በየፖስቱም በየመድረኩም ለጥፉት።»

ይህ በደሴና በኮምቦልቻ ነጋዴዎች የቴሌግራም ግሩፖች ውስጥ ሲዘዋወር የሰነበተው ጽሑፍ ዋና ሐሳብ ነው፤ አሳጥሬዋለሁ እንጂ አላጣመምሁትም። እኔ ፒያሳ አካባቢ ለሱቆች የማስታወቂያ ፎቶና ጽሑፍ በማዘጋጀት የምተዳደር ሰው ስለሆንሁ፣ ምላሼ ከጥቅም ፈጽሞ የራቀ ነው ብዬ አልከራከርም። ይሁን እንጂ ምክሩን ተቀብለው የሠሩበትን ሰዎች ገጽ በየቀኑ ስለማይ፣ ስሕተቱ የትኛው ላይ እንደሆነና የትኛው ላይ ደግሞ ጸሐፊው እውነት እንዳላቸው ለይቼ ለማሳየት እሞክራለሁ። ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ ሱቅ ይዤ እሄዳለሁ፦ የሀበሻ ቀሚስ የሚሸጡና ለሙሽራ የሚያከራዩ አንዲት የደሴ እናት፣ ልጃቸው የምትይዝላቸው የኢንስታግራም ገጽና የቴሌግራም ቻናል አላቸው። እናትና ልጅ ጽሑፉን እንዳነበቡ በዚያው ሳምንት ተግባራዊ አድርገውት ነበር።

ከቁጥሩ ልነሳ። ሠላሳ የሚለው ልክ ከየት እንደመጣ ጸሐፊው አልተሳሳቱም፤ ኢንስታግራም እ.ኤ.አ. እስከ 2025 መጨረሻ ድረስ ለረጅም ዓመታት በአንድ ፖስት እስከ 30 ሃሽታግ ሲፈቅድ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ልኩን ወደ 5 አውርዶታል። ነገር ግን የሚቻለው የመጨረሻ መጠን የሚያስፈልገው መጠን አይደለም። አይሱዙ ብዙ ኩንታል ስለቻለ አንድ ኩንታል ጤፍ ሊገዛ ሰኞ ገበያ የወረደ ሰው መኪናውን ሞልቶ አይመለስም። ኢንስታግራም ራሱ እ.ኤ.አ. በ2021 ለይዘት አዘጋጆች በሰጠው ምክር ከ3 እስከ 5 ሃሽታግ እንዲጠቀሙ ነው የነገራቸው። የኩባንያው ኃላፊ አዳም ሞሴሪም ሃሽታግ የተመልካቹን ቁጥር በጉልህ እንደማያሳድግ፣ ጥቅሙ ይዘቱ ስለ ምን እንደሆነ ማመልከት እንደሆነ ደጋግመው ተናግረዋል።

«በር» የሚለው ምሳሌ ድሮ በከፊል ይሠራ እንደነበር ግን መቀበል አለብኝ። እ.ኤ.አ. ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ ሰው አንድን ገጽ እንደሚከተል ሁሉ ሃሽታግንም መከተል ይችል ስለነበር፣ ፖስቱ ከማያውቁት ሱቅ ቢመጣም እንኳ ሃሽታጉን በሚከተሉት ሰዎች ፊት የሚቀርብበት አጋጣሚ ነበረ። ያ አገልግሎት በ2024 መጨረሻ ላይ ቀርቷል። ዛሬ ለሃሽታግ የቀሩለት ሥራዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው ሰው ቃሉን ራሱ ጽፎ ሲፈልግ ወይም ሲነካው ፖስቱ ከውጤቶቹ መካከል መገኘቱ ነው። ሁለተኛው ሥርዓቱ ፎቶውንና ጽሑፉን አይቶ «ይህ ነገር ስለ ምንድን ነው? ለማንስ ላሳየው?» ብሎ ሲገምት ሃሽታጉ ፍንጭ መስጠቱ ነው። ሁለቱም ሥራዎች በብዛት አይሻሻሉም፤ ሁለተኛውማ በብዛት ይበላሻል።

እንዴት እንደሚበላሽ በልጅቱ ፖስት ላይ ማየት ይቻላል። ፎቶው አንድ ነጭ የሙሽራ ቀሚስ ነው፤ ደረቱ ላይና ጠርዙ ላይ የወርቅማ ጥልፍ አለው፤ ለጥር ሠርግ የሚከራይ ነው። ከሥሩ ከተደረደሩት ሠላሳ ሃሽታጎች ውስጥ ስለ ቀሚሱ፣ ስለ ሠርጉ ወይም ስለ ደሴ የሚናገሩት አራት ብቻ ነበሩ። የቀሩት ሃያ ስድስቱ #love፣ #travel፣ #food፣ #music፣ #addisababa እያሉ ይቀጥላሉ። ፖስቱ ስለ ምግብም፣ ስለ ጉዞም፣ ስለ ሙዚቃም፣ ስለ አዲስ አበባም ነው ካልን በእርግጥ ስለ ምንም አይደለም። አራቱ ትክክለኛ ሃሽታጎች ብቻቸውን ቢቆሙ ኖሮ ነገሩን በግልጽ ይናገሩ ነበር፤ ሃያ ስድስቱ ተጨምረው ግን አፋቸውን ያዙባቸው።

እንግዲህ ስንት ይሁን ለሚለው የእኔ አቆጣጠር ከቁጥር አይጀምርም። ለአንድ የሱቅ ፖስት አራት ነገሮችን እጠይቃለሁ፦ ዕቃው ምንድን ነው? ለምን ጊዜ ወይም ለምን በዓል ነው? የት ይገኛል? በምን መንገድ ይሰጣል፣ በኪራይ ወይስ በሽያጭ? ለእያንዳንዱ አንድ ቃል ሲገኝ አራት ሃሽታግ ይሆናል። ዕቃው በላቲን ፊደልም የሚፈለግ ከሆነ አምስት ይሆናል። አንዳንዱ ፖስት የበዓል ጥያቄ ስለማይኖረው በሦስት ያልቃል። ልኩ 30 በነበረ ጊዜ ስድስት የጻፈ ሰው አጠፋ አልልም፤ ሰባተኛውን ሲፈልግ ግን ብዙውን ጊዜ ስለ ዕቃው መናገሩን ጨርሶ ስለ ሌላ ነገር መናገር መጀመሩን አስተውያለሁ።

አሁን ወደ ዓይነቱ ልሂድ፤ በእኔ አስተያየት የጽሑፉ ትልቁ ጉዳት እዚህ ላይ ነው። #love የሚለው ሃሽታግ ከቢልዮን በላይ ፖስት ተለጥፎበታል። ጸሐፊው ይህን ሲያዩ ቢልዮን ሰው የሚመለከተው ገበያ አድርገው ቆጠሩት፤ ቁጥሩ ግን የሻጮች እንጂ የገዢዎች አይደለም። እዚያ የተቀመጠ የደሴ ቀሚስ ከመላው ዓለም በየቅጽበቱ በሚጫንበት ፎቶ ይቀበራል። ሰኞ ገበያን ያየ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። እህል የሚሸጠው በእህል ተራ፣ ጨርቅ የሚሸጠው በጨርቅ ተራ ነው። ሰው በብዛት የሚተላለፈው መኪና መውረጃው ላይ ነው ብሎ ነጠላውን እዚያ ዘርግቶ የሚቆም ሻጭ የለም፤ እዚያ የሚያልፈው ሰው ነጠላ ፈልጎ አይደለምና። ሃሽታግን ከበር ይልቅ ከተራ ጋር ብናመሳስለው ምርጫው ወዲያው ይቀላል።

ተራው የእርስዎ መሆኑን የሚለዩበት ቀላል ፈተና አለ። ሃሽታጉን በፍለጋው ላይ ይጻፉና መጀመሪያ የሚታዩትን ዘጠኝ ፎቶዎች ይመልከቱ። የእርስዎ ፎቶ ከመካከላቸው ቢገባ እንግዳ ይመስላል ወይስ ከቤተ ዘመድ ጋር የተቀመጠ ይመስላል? እንግዳ ከመሰለ ሃሽታጉ የቱንም ያህል ትልቅ ቢሆን የእርስዎ አይደለም። ከእኚህ እናት ሱቅ አንድ ምሳሌ ልጨምር። ወሎ እንደመሆኑ ሱቁ ለቤተ ክርስቲያን ሠርግም ለኒካህም ልብስ ያዘጋጃል፤ ልጅቱም ለኒካህ ያዘጋጁትን ረጅም እጅጌ ያለውን ልብስ #nikah ብላ ለጥፋው ነበር። ስንከፍተው የፓኪስታን፣ የህንድና የኢንዶኔዥያ ሙሽሮች ናቸው፤ ቀለማቸው፣ ጥልፋቸው፣ የራስ መሸፈኛቸው ሁሉ ሌላ ነው። #ኒካህ ብለን በራሳችን ፊደል ስንጽፈው የተለጠፈው ፎቶ በጣም ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ከዘጠኙ ፎቶዎች አጠገብ የእኛ ልብስ ቢቀመጥ ከአንድ አገር የመጣ ይመስላል። «ልጄ፣ ሰው የሌለበት ቦታ ምን ልሠራ?» አሉኝ እናትየው። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። መልሱ ግን በዚህ ፊደል የሚፈልገው ሰው ጥቂት ቢሆንም አብዛኛው አማርኛ አንባቢ መሆኑ ነው፤ ከእነርሱ መካከል ሱቁ ድረስ በባጃጅ መምጣት የሚችል ይኖራል። በ#nikah የሚፈልገው ግን ላሆርም ቢሆን ጃካርታም ቢሆን ደሴ መጥቶ ልብስ አይከራይም።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው አንድ ነገር እለቃለሁ። ትልቅ ሃሽታግ ሁልጊዜ ከንቱ አይደለም። #habeshakemis የሚለው በውጭ አገር ያሉ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን በብዛት የሚጠቀሙበት ስለሆነ፣ ልብሱን ሰፍቶ ወደ ውጭ የሚልክ ሱቅ ሊተወው አይገባም። የእኚህ እናት ዋና ሥራ ግን ኪራይ ነው፤ ለሦስት ቀን የሚከራይ ቀሚስ ባሕር አይሻገርም። ከውጭ የደወለላቸው ሰው ሁሉ «ትልካላችሁ?» ብሎ ጠይቆ «አንልክም» ሲባል ስልኩን ዘግቷል። ስለዚህ #habeshakemis የሚሸጡት ቀሚስ ሥር እንዲገባ፣ የሚከራየው ቀሚስ ሥር ግን እንዲቀር ተስማማን። አንድ ሱቅ ውስጥ እንኳ ከዕቃ ዕቃ ሃሽታጉ ይለያያል ማለት ነው።

የቦታ ስምም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ የኮምቦልቻ ነጋዴዎች ይህን ልብ ቢሉት ደስ ይለኛል። ኮምቦልቻ የሚባል ቦታ በምሥራቅ ሐረርጌም አለ። #ኮምቦልቻ ወይም #kombolcha ብቻውን ሲቆም የቦርከናው ኮምቦልቻ ይሁን የሐረርጌው አንባቢው አያውቅም። #ወሎ የሚለውን አጠገቡ ማስቀመጥ ወይም በጽሑፉ ውስጥ «ወሎ ኮምቦልቻ» ብሎ መጻፍ ጥርጣሬውን ይዘጋዋል። ደሴ በዚህ በኩል ዕድለኛ ናት፤ ችግሯ በላቲን ፊደል Dessie፣ Desse፣ Dese እየተባለች መጻፏ ነው። ከሦስቱ በብዛት የሚያጋጥመኝ የመጀመሪያው ስለሆነ እርሱን እመርጣለሁ።

የሱቁን ስም ሃሽታግ ማድረግስ? ጽሑፉ ይህን አያነሳም፤ ብዙ ሰው ግን ይጠይቀኛል። ማንም የማያውቀውን ስም የሚፈልግ ስለሌለ ብቻውን ጥቅም የለውም። ጥቅም የሚኖረው የተከራየችው ሙሽራ የሠርጓን ፎቶ ስትለጥፍ ያንኑ ሃሽታግ እንድትጽፍ ከተነገራት ነው፤ ያኔ ሌላዋ ሙሽራ ስትነካው ቀሚሶቹን በሰው ላይ ተለብሰው ታያቸዋለች።

ሦስተኛው «በአማርኛ አትጻፉ» የሚለው ነው፤ በዚህ ላይ ረዘም ብዬ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም ጸሐፊው ያዩት ችግር እውነተኛ ሆኖ ሳለ ምክንያቱን የሳቱት ይመስለኛል። በአማርኛ የተጻፉ ሃሽታጎች ብዙ ጊዜ ውጤት አያመጡም፤ ይህ እውነት ነው። ውጤት የማያመጡት ግን ፈላጊ ስለጠፋ አይደለም። የእኛ ፊደልና የእኛ ሰዋስው ሃሽታግ ከሚሠራበት መንገድ ጋር የሚጋጩባቸው ጥቂት ቦታዎች ስላሉና እነርሱን ሳናውቅ ስለምንጽፍ ነው።

የመጀመሪያው ግጭት ክፍት ቦታ ነው። ሃሽታግ ክፍት ቦታ ሲያገኝ ይቆማል። ልጅቱ #የሀበሻ ቀሚስ ብላ ስትጽፍ ሃሽታግ የሆነው #የሀበሻ ብቻ ነው፤ «ቀሚስ» የሚለው፣ ማለትም ዕቃው ራሱ፣ ተራ ጽሑፍ ሆኖ ውጭ ቀርቷል። በስልኩ ላይ ቀለሙ የተለወጠው እስከ የት እንደሆነ በማየት ይህን ወዲያው ማወቅ ይቻላል። ሠረዝና የማሳጠሪያው መስመርም እንዲሁ ይቆርጡታል፤ #ዓ/ም ብሎ የጻፈ ሰው ያገኘው #ዓ ነው። በላቲን ፊደል ሁለት ቃል ሲጣበቅ #HabeshaKemis ብሎ በትልቅና በትንሽ ፊደል መለየት ይቻላል፤ የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ያለን መለያ ከታች የሚሰመረው _ ብቻ ነው። ችግሩ #የሀበሻ_ቀሚስ እና #የሀበሻቀሚስ ሁለት የተለያዩ ሃሽታጎች መሆናቸው ነው። ስለዚህ በአማርኛ በተቻለ መጠን አንድ ቃል የሆነውን እመርጣለሁ፦ #ሙሽራ፣ #ጥልፍ፣ #ቀሚስ፣ #ደሴ። አንድ ቃል ሁለት ዓይነት አይጣበቅም።

ሁለተኛው ግጭት ከቃሉ ፊት የሚለጠፉት የእኛ መነሻዎች ናቸው። ለእኛ ጆሮ ደሴ፣ የደሴ፣ በደሴ እና ከደሴ አንድ ከተማ ናቸው፤ ለሃሽታግ ግን #ደሴ፣ #የደሴ፣ #በደሴ እና #ከደሴ አራት የማይተዋወቁ ነገሮች ናቸው። በዚያ ላይ ሰው በፍለጋው «#ደሴ» ብሎ መጻፍ ሲጀምር ስልኩ የሚያቀርብለት አብዛኛውን ጊዜ በ«ደሴ» የሚጀምሩትን ነው፤ በ«የ» እና በ«በ» የሚጀምሩት ከዝርዝሩ ውጭ ይቀራሉ። #የሙሽራ_ልብስ_በደሴ ብሎ የጻፈ ሰው ከተማውን ከመጨረሻው ላይ ቀብሮታል። ቃሉን ከመነሻው ፈትቶ እርቃኑን ማስቀመጥ፣ #ሙሽራ እና #ደሴ ብሎ ለየብቻ መጻፍ፣ ይህን ችግር ያቀልለዋል። ሰዋስው የሚወድ ሰው ጎደሎ ይመስለዋል፤ ግን ይህ የመዝገብ ቃል እንጂ ዓረፍተ ነገር አይደለም።

ሦስተኛው ግጭት ከሁሉም የሚብሰው ነው፦ ድምፃቸው አንድ የሆነ ፊደሎቻችን። #ሠርግ እና #ሰርግ ሲነበቡ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን የተለያዩ ናቸው። #ሀበሻ፣ #ሐበሻ እና #ሃበሻ ሦስት ናቸው። #ዐረፋ እና #አረፋም ሁለት ናቸው፤ የፀጉር ቤት ባለቤቶችም #ፀጉር እና #ጸጉር እያሉ ተከፋፍለዋል። አንድ የሠርግ አልባሳት ሱቅ በ«ሠ» ሲጽፍ ደንበኛዋ በ«ሰ» ስትፈልግ አንድ መንገድ ላይ ሆነው ተላለፉ ማለት ነው። ይህን ያላወቀ ሰው «በአማርኛ የሚፈልግ የለም» ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም።

ታዲያ የትኛውን እንምረጥ? እዚህ ላይ የመዝገበ ቃላቱን ሕግ ለጊዜው ወደ ጎን ማድረግ ግድ ይላል። እኔ በጽሑፌ ውስጥ «ሠርግ» ብዬ እጽፋለሁ፣ ሌላው ይከብደኛል፤ ሃሽታጉ ላይ ግን #ሰርግ ብዬ አስቀምጣለሁ፣ ብዙ ሰው በስልኩ ሲጽፍ መጀመሪያ የሚያገኘው «ሰ»ን ነውና። ለመወሰን ሁለቱንም አጻጻፍ ፈልጉና የትኛው ላይ የቅርብ ጊዜና የአካባቢያችን ፎቶ እንዳለ ተመልከቱ። ከዚያ አንዱን ይዞ መጽናት ይሻላል። ሁለቱንም መጻፍ የሚገባው ቃሉ የሱቁ ዋና ዕቃ ሲሆን ብቻ ነው፤ ለቀሚስ ሱቅ #ሰርግ እና #ሠርግ ሁለቱም ቢገቡ ቦታ አላባከነም።

ጸሐፊው ስለ ላቲን ፊደል ያሉት ፈጽሞ ስሕተት እንዳልሆነም ልመስክር። ብዙ ወጣት አማርኛውን ራሱ በላቲን ፊደል እየጻፈ ይፈልጋል፤ ስልኩ ላይ የግዕዝ ፊደል ያልጫነም አለ። ከአምስት ሃሽታግ አንዱ በላቲን፣ አራቱ በእኛ ፊደል ቢሆኑ ለደሴ ሱቅ ተገቢ ድርሻ ይመስለኛል።

ስለ ቦታው ብዙ አልናገርም፤ ክርክሩ አጭር ነው። ኢንስታግራም እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2021 ስለ ፍለጋ አሠራሩ ባወጣው ማብራሪያ፣ ፖስት በፍለጋ እንዲገኝ ቁልፍ ቃላቱና ሃሽታጎቹ በጽሑፉ ውስጥ እንዲቀመጡ፣ በኮሜንት ውስጥ እንዳይሆን በግልጽ ጽፏል። በኮሜንት የተጻፈ ነገር ፖስቱ ወደ ሌላ ሲተላለፍ አብሮ አይሄድም። ጽሑፍ እንዳይቆሽሽ ማለታቸው ግን ትክክለኛ ስጋት ነው፤ በሠላሳ ሃሽታግ የታጠረ ጽሑፍ ማንም አያነብም። ስጋቱ ግን ሃሽታጉ አምስት ሲሆን አብሮ ይጠፋል። የኢንስታግራም ጽሑፍ ሳይከፈት የሚታየው በግምት 125 ፊደል፣ በአማርኛ ሃያ ያህል ቃል ስለሆነ፣ ያ ቦታ ለዕቃው፣ ለዋጋውና ለአድራሻው ይሰጥና ሃሽታጎቹ በመጨረሻ ለብቻቸው አንድ መስመር ይይዛሉ። ሃሽታጉን ወደ ታች ለመግፋት ነጥብ በነጥብ ላይ መደርደርም አያስፈልግም፤ ጽሑፉ ራሱ ይሸፍነዋል።

አንዳንዶች ሃሽታጉን በዓረፍተ ነገሩ መካከል እንዲያስገቡ ይመከራሉ። በእንግሊዝኛ ይመቻል፤ በአማርኛ ግን መነሻዎቹ ያስቸግራሉ። «ሱቃችን በ#ደሴ ይገኛል» ብለን ስንጽፍ ቴሌግራም ላይ «በ» ከምልክቱ ጋር ስለተጣበቀ ሃሽታጉ አይሠራም፤ የሞተ ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል። «ሱቃችን በ #ደሴ ይገኛል» ብለን ብንነጥለው ይሠራል፤ ዓረፍተ ነገሩ ግን ያነክሳል። መጨረሻ ላይ መሰብሰብን የምመርጠው በዚህ ምክንያት ነው። ከእናትና ልጅ ጋር ተቀምጠን ያንኑ የጥር ቀሚስ እንደገና ስንጽፈው ይህን መሰለ፦

```
የሙሽራ ቀሚስ፣ በእጅ የተጠለፈ፣ ለሦስት ቀን ኪራይ 4,500 ብር። ደሴ ፒያሳ።
ከሠርጉ በፊት መጥተው ይለኩ፤ ማጥበብና ማስፋት በነጻ።

#ሙሽራ #ሰርግ #ኪራይ #ደሴ #dessie
```

የቀረው የተቀመጠውን ዝርዝር በየመድረኩ የመለጠፍ ምክር ነው፤ እዚህ ላይ ጸሐፊው ሳያስቡት ግማሽ እውነት ነክተዋል። በኢንስታግራም ዝርዝሩ ከዕቃው ጋር ሊለዋወጥ ይገባል፤ የኪራዩና የሽያጩ ቀሚስ አንድ ዓይነት ዝርዝር እንደማይይዙ ከላይ አይተናል። በቴሌግራም ቻናል ግን ተመሳሳይነት ራሱ ነው ጥቅሙ። እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ ቴሌግራም ሃሽታግን በሌሎች ክፍት ቻናሎችም መፈለግ ያስችላል፤ ሆኖም ለአንድ ሱቅ ዋናው ጥቅሙ ደንበኛዋ በቻናሉ ውስጥ አንዱን ሃሽታግ ስትነካ በዚያ ስም የተለጠፈው ሁሉ በአንድ ላይ ተሰብስቦ የሚመጣላት መሆኑ ነው። ይህ የሱቅ መደርደሪያ ነው። እኛም ለእናትየው ቻናል አራት መደርደሪያ ብቻ አበጀን፦ #ኪራይ፣ #ሽያጭ፣ #ኒካህ፣ #ለወንድ። የተለጠፈ ዕቃ ሁሉ ከእነዚህ አንዱን ወይም ሁለቱን ይይዛል፤ ዝርዝራቸው ከቻናሉ አናት ላይ ፒን ተደርጓል። መደርደሪያ የሚሠራው ስሙ ሳይለዋወጥ ሲቀር ነው፤ አንድ ቀን #ኪራይ፣ በማግስቱ #ለኪራይ ከተባለ ቀሚሶቹ ለሁለት ይከፈላሉ። #love እና #fashion ደግሞ በዚህ ቻናል ውስጥ ለማንም ምንም አይሰበስቡም፤ በዚያ ላይ በቴሌግራም የፎቶ ጽሑፍ ልኩ በተራ አካውንት 1024 ፊደል ስለሆነ፣ ሠላሳ ሃሽታግ በአማካይ አሥራ ሦስት ፊደል ቢይዝ ብቻውን 390 ፊደል፣ ከሲሶው በላይ ይወስዳል።

ለውጡን በምን እንለካዋለን ብላ ልጅቱ ጠይቃኝ ነበር። ኢንስታግራም ፖስቱን ካዩት ስንቱ ተከታይ፣ ስንቱ ደግሞ ተከታይ ያልሆነ እንደሆነ ያሳያል፤ ያንን በየፖስቱ መያዝ ይጠቅማል። እኔ ይበልጥ የማምነው ግን መደርደሪያው አጠገብ ያለውን ደብተር ነው። የደወለ ወይም የመጣ ሰው ሁሉ «በምን አገኙን?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ስልክ ላይ ፈልጎ ያገኘ ከሆነ ምን ብሎ እንደጻፈ እንዲያሳይ ይለመናል፤ ቃሉም እንደጻፈው፣ ከነፊደል ስሕተቱ ይመዘገባል። ባለፈው ሳምንት ደብተሩን ስናገላብጥ ሁለት ሴቶች «ሀበሻ ቀሚስ ደሴ» ብለው መነሻ ሳይጨምሩ እንደጻፉ፣ አንዷ ደግሞ «ሰርግ ልብስ ኪራይ» እንዳለች አየን። እናትየው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው የመጨረሻውን ካነበቡ በኋላ «እኔ ግን በንጉሡ ሠ ነበር የምጽፈው» አሉ፤ ልጅቱም በዚያው በስልኳ #ሰርግ የሌለበትን የታኅሣሥ ፖስት ከፍታ ማስተካከል ጀመረች።